አራት አንጓ ለሦስት ስኒ ቡና

አርብ ማታ ነው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ ኩሽና ገባች። አምስተኛ ክፍል ናት። ከመምህሯ የተሰጣት የባህል የቤት ሥራ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተገልብጧል። ስለ ቡና አፈላል ሥርዓት ባለ አራት አንጓ ግጥም ጻፉ። እያንዳንዱ አንጓ አራት ስንኝ ይኑረው። የሚታይ፣ የሚሰማ፣ የሚሸት፣ የሚዳሰስና የሚቀመስ ነገር ይግባበት። ማክሰኞ ይቀርባል።

«አንዱን አንጓ ጨርሻለሁ አክስትዬ» አለችኝና አነበበችልኝ።

ቡና ባህላችን ነው ቡና መገለጫችን፣
ቡና ሲፈላ ደስ ይላል ለሁላችን፣
መዓዛው ያውዳል ጣዕሙም ግሩም ነው፣
ሁላችንም በፍቅር እንጠጣው።

«ጎበዝ» አልኳት። ከዚያ ግን ሽንኩርቱን ትቼ ደብተሩን ተቀበልኳት። የሆነ ነገር ቆረቆረኝ። ቡና የሚለውን ቃል አውጥታችሁ ሻይ ብታስገቡበት ግጥሙ ምንም አይሆንም። ጠላ ብታስገቡበትም ያው ነው።

ማታ ልጅቷ ተኝታ ሳለ ስልኬን ይዤ እኔው መጻፍ ጀመርኩ። ሁለት አንጓ ወጣልኝ። ቄጠማው ተጎዘጎዘ፣ ሙቀጫው ድም ድም አለ፣ እጣኑ ጨሰ። ልኩም ቤቱም ደህና ነበር። ጠዋት ቁርስ ላይ ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ «በጣም ቆንጆ ነው» አለች። ቀጥላ የጠየቀችኝ ነገር ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

«አክስትዬ፣ ሙቀጫ እንዴት ነው የሚጮኸው?»

## አራተኛ ፎቅ ላይ ሙቀጫ የለም

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ቡና በየቀኑ እናፈላለን። ግን ከወፍጮ ቤት ተፈጭቶ የመጣ ቡና ነው፤ ጀበናውንም የምንጥደው ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ነው። ሙቀጫ ነበረን። እዚህ በገባን ሰሞን አንድ እሁድ ጠዋት ወቀጥንበትና ታች ያሉት ጎረቤት በሩን አንኳኩ። ጣሪያቸው ተንቀጥቅጦባቸዋል። በትህትና ነበር የነገሩን፤ እኛም አፈርን። ከዚያ ወዲህ ሙቀጫው በረንዳ ላይ የአበባ መትከያ ሆኖ ቀረ።

ልጅቷ ያን ጊዜ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። ስለዚህ ሙቀጫን የምታውቀው በዓል በዓል ሲል በቴሌቪዥን ነው። እሷ ሰምታው የማታውቀውን ድም ድም እኔ በስሟ ልጽፍላት ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ይህ ተረት ለልብስና ለጌጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሁለቱን አንጓ አጠፋሁት። «ተነሽ፣ እማማ ጋ እንሄዳለን» አልኳት። ኪሷ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ደብተርና እርሳስ ያዘች። ቅዳሜ ስለሆነ ቤት ነበረች፤ ግን ነፋስ ስላለ የትምህርት ቤቷን ሹራብ ደረበች።

እማማ ከኮንዶሚኒየሙ አጥር ማዶ፣ ማሳው ከሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነው ቤታቸው። የጭቃ ቤት፣ የአፈር ወለል። ባሕር ዛፎቹ ሥር ሆኖ የመንገዱ ድምፅ ይሰማል፤ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው እዚሁ ሰፈራችን አጠገብ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜ ቡና ያፈላሉ። እንግዳ ሳይጠሩ አይጠጡም።

## ዝም ያለው ምጣድ

ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ ሰዓት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

እማማ ቡናውን በውሃ እያሹ ሁለቴ አጠቡት። የመጀመሪያው ውሃ ደፍርሶ ገለባ ይዞ ወጣ። ሁለተኛው ጠራ። ከዚያ ከነእርጥበቱ የጋለው ምጣድ ላይ አፈሰሱት። ቸስ አለ። ልጅቷ ወዲያው ደብተሯ ላይ «ቸስ» ብላ ጻፈች።

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። እማማ በእንጨት ማማሰያ ያገላብጣሉ፣ ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ድምፅ ግን የለም። ሽታውም ቢሆን ገና ቡና ቡና አይልም፤ የታመሰ እህል ነው የሚመስለው። ልጅቷ እርሳሷን ይዛ ጠበቀች። እኔም ጠበቅኩ። የቡና ግጥም ሲጻፍ ይህን ዝምታ ማንም አያስገባውም። ሁሉም በቀጥታ መዓዛው አወደ ወደሚለው ይሮጣል። እኔም ማታ ስጽፍ ያደረግኩት ያንኑ ነው።

«ምንም አይልም እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

እማማ ሰሟት። «ቆይ ልጄ፣ ይናገራል።»

ወዲያው አንድ ፍሬ ጣ አለ። ልጅቷ ደነገጠች። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ምጣዱ በሙሉ ተንጣጣ። ፍሬው ውስጥ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ነው ቡናውን የሚሰነጥቀው። እማማ ግን በራሳቸው መንገድ ነው የነገሯት፤ «ማሽላ እያረረ ይስቃል አይደል የሚባለው? ቡናም እንደሱ ነው» አሉና ሳቁ።

መንጣጣቱ ሲበርድ ማማሰል አላቆሙም። አጎንብሰው ያዩት ነበር። ምን እንደሚያዩ ስትጠይቃቸው «እስኪወዛ ነው» አሏት። ቡናው ጠቁሮ ላዩ ዘይት ሲያወጣ፣ ማብረቅረቅ ሲጀምር፣ ያኔ ይወጣል። ከዚያ በላይ ከቆየ ያራል፤ ያረረ ቡና ምንም ቢፈላ አመድ አመድ ይላል። ሳይወዛ ከወጣ ደግሞ ጥሬ ጥሬ ይሸታል፣ ለመውቀጥም ያስቸግራል። ልክ ሲወዛ ምጣዱን ከፍሙ አነሱና ጭሱን በየተራ ወደ ሁላችን አዞሩት። ሁላችንም በእጃችን ወደ ፊታችን ሳብነው። ልጅቷም እንደ ትልቅ ሰው ሳበችው።

ደብተሯን አየት አደረግኩ። «ቸስ። ዝም አለ። ጣ። ወዛ።» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። ግሩም የለም፣ ባህላችን የለም። እነዚያ ጥቂት ቃላት ሲታዩኝ የመጀመሪያው አንጓ አለቀ ብዬ አሰብኩ።

## ለመቁጠር ጣት ይበቃል

ማታ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ የድሮውን አንጓ ለምን እንደሚያነክስ አብረን አየን። ብዙዎቻችን የምናውቀው የግጥም ልክ የወል ቤት የሚባለው ነው። አንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፤ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም። ቀለም ማለት በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ድምፅ እንጂ የፊደሉ ብዛት አይደለም። ልጆችን የሚያሳስታቸው እሱ ነው። ምጣድ ሲጻፍ ሦስት ፊደል ነው፤ ጠረጴዛውን እየመታችሁ ስትሉት ግን ም-ጣድ፣ ሁለት ነው። የመጨረሻው ሳድስ አናባቢ ስለሌለው አይቆጠርም።

እየመታን ቆጠርን። «ቡና ባህላችን ነው» ስድስት። «ቡና መገለጫችን» ሰባት። አንድ ተርፏል። ሁለተኛው ስንኝ የባሰ ነው። «ቡና ሲፈላ ደስ» ላይ ስድስት ይሞላል፤ ትንፋሽ የሚወሰደው እዚያ ነው፤ «ይላል» ከሚቀጥለው ሐረግ ጋር ሄደ። ደስ ይላል ለሁለት ተሰበረ። ጮክ ብላ ስታነበው ራሷ ሰማችው። ቤቱም አልመታም፤ «ነው» እና «እንጠጣው» ሁለቱም በው ያልቃሉ፣ ግን ከው በፊት ያለው ነ እና ጣ አይገጥምም። ጆሮ የሚሰማው እሱን ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው ትልቅ ጥያቄ አንጓው አራት፣ ቡናው ሦስት መሆኑ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ስሞቹ ከዓረብኛ የመጡ ናቸው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ በረከት እንደማለት። እሷ መጀመሪያ ያሰበችው ለየስኒው አንድ አንጓ ሰጥታ አራተኛውን «ቡናችን ለዘላለም ይኑር» በሚል ነገር ልትዘጋው ነበር። እኔ «እማማ ጋ ከቆየንበት ሰዓት የትኛው ረዘመብሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ከመጠጣቱ በፊት ያለው» አለች። እውነቷን ነው። ከቡና ሥርዓት ትልቁ ክፍል መጠበቅ ነው። ስለዚህ ሁለት አንጓ ለመጠበቁ ሰጠነው፤ መቁላቱ አንድ፣ መውቀጡና ማፍላቱ አንድ። ሦስተኛው የአቦል። ቶናና በረካ አራተኛውን ተጋሩት።

ሙቀጫውን የጻፈችበት መንገድ ደስ አለኝ። ድም ድም የሚለውን በጆሮዋ አልነበረም የያዘችው። እማማ ሲወቅጡ የአፈሩ ወለል ከእግሯ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጫማዋን አውልቃ ነበር የተቀመጠችው። ስለዚህ የመዳሰሱን ነገር እዚያ አገኘችው። እኔ መዳሰስ ሲባል ስኒ ከመያዝ ሌላ አልታየኝም ነበር።

ጀበናው ላይ ግን ተከራከርን። እሷ «ቡልቅ ቡልቅ አለ» ብላ ጽፋለች። «እንደዚያ ነው የሰማሽው?» አልኳት። አሰበች። ዓይኗን ጨፈነች። «አይ፣ ቡልቅ የሚለው የሽሮ ድስት ነው። ጀበናው እንደ ተቆጣ ሰው ነበር በሆዱ የሚያወራው።» ከዚያ «አጉረመረመ» መጣ። ጣታችንን ይዘን ቆጠርነው፤ ስድስት። ቀጥሎ የመጣው ስንኝ ከእማማ እጅ የተወሰደ ነው። ቡናው ወደ ጀበናው አንገት ሲወጣ ዓይናቸውን ሳያነሱ ይጠብቁታል፤ ሊገነፍል ሲል ከፍሙ ያነሱትና ዘንበል አድርገው ያስቀምጡታል። እዚያ ይሰክናል፣ አተላው ወደ ታች ይወርዳል። ሳይሰክን የተቀዳ ቡና ጥርስ ውስጥ የሚገባ ደቃቅ አለው። ሲቀዱም ከአንዱ ስኒ ወደ ሌላው ሳያቋርጡ ነው፤ ጀበናው ቀና ዘንበል ካለ የተቀመጠው አተላ ይነሳል። ያ ያልተበጠሰ ቀጭን ፈሳሽ ለልጅቷ ገመድ መሰላት።

## የማይጠጣ ሰው ስለ ጣዕም

ሦስተኛው አንጓ ላይ አንድ ችግር ገጠመን። መምህሯ ጣዕም ይግባበት ብለዋል። እሷ ግን አቦል ቀምሳ አታውቅም። ልጅ ናት፤ ማን ይሰጣታል? በመጀመሪያው አንጓ «ጣዕሙም ግሩም ነው» ስትል ከሰው አፍ ወስዳ ነው።

«አቦሉ ሲቀዳ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር?» አልኳት።

«ሳቀብል ነበራ!»

ልጅ ቡና ላይ ሥራው እሱ ነው። ጎረቤት ይጠራል፣ ስኒ ያቀብላል፣ ባዶውን ይመልሳል። እጀታ የሌለውን ስኒ በጠርዙ ይዛ፣ አንዱን ጣት በሌላው እየቀያየረች፣ ጠብታ እንዳይፈስባት ትንፋሿን ውጣ ስትሄድ አይቻታለሁ። ለአንደኛዋ ጎረቤት ጤና አዳም እንድትቆርጥም ወደ ጓሮ ተልካ ነበር፤ ስትመለስ ቅጠሉን በጣቷ አሽታ እያሸተተች ነው የመጣችው። ሦስተኛው አንጓ በዚህ ሞላ። ጣዕም የለውም። ጣዕሙ እስኪደርሳት ይጠብቅ አልን።

የደረሳት በረካ ላይ ነው። በጀበናው ውስጥ ያለው አተላ ላይ ሁለት ጊዜ ውሃ ተጨምሮበት ስለሚፈላ በረካ ቀጭን ነው። እማማ ግማሽ ስኒ ቀዱላት፣ ስኳር ጨመሩላት። ሳታማስለው ጠጣችው። ፊቷ ተጨማደደ፣ ወደ መጨረሻ ግን ፈገግ አለች። ስኳሩ ከታች ነበር። ይህንንም በራሷ ቃል ጻፈችው፤ እኔ አንድ ቀለም ጎድሎ «ነው» የምትለዋን ቦታ ብቻ ነው ያዟዟርኩላት።

እሁድ ማታ አሥራ አምስት ስንኝ ነበረን። የመጨረሻው እምቢ አለ። «ከላይ» ከሚለው ጋር ቤት የሚመታ፣ ሽታ ያለበት ስንኝ ፈለገች። «ኑና ጠጡ ከሰማይ በላይ» ብላ ሞከረች፤ ራሷው ሰረዘችው። ሦስት ሰዓት ሲሆን «ተይው፣ ነገ ይመጣል» ብዬ አስተኛኋት።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ነው ወደ እኔ የሮጠችው። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ጠዋት ወደ ሹራቧ ጠጋ ብላ «ዛሬ ጠዋት ቤታችሁ ቡና ተፈልቷል እንዴ?» አለቻት። ያ የቅዳሜው ሹራብ ነው። የምጣዱ ጭስና የእማማ እጣን ሁለት ቀን ሙሉ ክሩ ውስጥ ቆይቷል። ቆማ፣ ምሳ ዕቃዋን እንደያዘች፣ ጻፈችው።

የእማማ ቡና

ቡናው ታጠበና ምጣዱ ላይ ወጣ፤
ዝም ብሎ ቆየና በድንገት ተንጣጣ፤
አረንጓዴዎቹ ጠቆሩና ወዙ፤
ጭሱን አዞሩልን ምጣድ እንደያዙ።

ዘነዘናው ወርዶ ሙቀጫ ሲመታ፣
እግሬ ሥር መሬቱ ድም አለ በዝግታ፤
ጀበናው ፍሙ ላይ አጉረመረመ፤
ገንፍሎ ሊወጣ አንገቱ ላይ ቆመ።

አቦሉ ሲቀዳ ቀጭን ጥቁር ገመድ፤
እጣን ቸስ አለና ሸሸ ከነጭ አመድ፤
ስኒው ጣቴን ፈጀኝ፣ እጄን ቀያየርኩት፤
የጤናዳም ቅጠል አሽቼ አሸተትኩት።

ቶናውን በወሬ በሳቅ ጨረሱና፣
በረካው ደረሰኝ፣ ውሃ ውሃ ቡና፤
ስኳሩ ከታች ነው፣ መራራው ነው ከላይ፤
ሽታው ሰኞ መጣ በዩኒፎርሜ ላይ።

አንድ ነገር ነገርኳት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች «ላይ»ን በ«ላይ» ነው የሚመቱት። አንድን ቃል በራሱ ቤት ማስመታት እንደ ድካም ይቆጠራል፤ መምህሯ ሊያሰምሩበት ይችላሉ። «እንፈልግለት?» አልኳት። ደብተሯን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«አይ። የሸተተው እዚያ ነዋ።»

ማታ እህቴ የሳምንቱን ልብስ ስትሰበስብ ሹራቡንም ልትዘፈዝፈው አነሳች። ልጅቷ ከእጇ ላይ ነጠቀቻት። ማክሰኞ ግጥሙን ክፍል ፊት ቆማ ስታነብ ልትለብሰው ነው። ወንበር ላይ ዘርግታው ተኛች። መብራት ላጠፋ ስገባ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። እጣኑ ጠፍቷል። የምጣዱ ጭስ ግን ክንዱ አካባቢ ገና አለ።